«ኋላቀር ሰዋስው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ (ከአንዲት ተማሪ)፦ «ለተማሪዎች ውድድር ‹ኋላቀር ሰዋስው ያለው የሰው ቋንቋ የለም› የሚል የክርክር ንግግር እያዘጋጀሁ ነው። ጓደኞቼ ‹ኋላቀር› ስድብ ይመስላል፣ ‹ጥንታዊ› ወይም ‹ያልዳበረ› በይ አሉኝ። የቱ ይሻላል? ተቃራኒዎቼስ በምን ይመጡብኛል?»

መልስ፦ «ኋላቀር»ን አትልቀቂ። ስድብ መምሰሉ ይጠቅምሻል፤ የምትቃወሚው ሐሳብ ራሱ ስድብ ነዋ። «ጥንታዊ» በአማርኛ ብዙ ጊዜ ምስጋና ነው። ጥንታዊ ሥልጣኔ፣ ጥንታዊ ቅርስ እንላለን። «ጥንታዊ ሰዋስው ያለው ቋንቋ የለም» ብትዪ «ግዕዝስ?» የሚል ዳኛ አይጠፋም።

ከሦስቱ የሚያሰጋኝ ግን «ያልዳበረ» ነው። «ቋንቋው ገና አልዳበረም» ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ቃላት ነው። የሕግና የሳይንስ ቃላት ያንሱታል ለማለት ነው። ይሄ ስለ ብዙ ቋንቋዎች እውነት ሊሆን ይችላል። ያንቺ ክርክር ደግሞ ስለ ሰዋስው ነው፤ ሁለቱ ከተደባለቁብሽ አለቀልሽ። አንዱ ተነስቶ «ለኮምፒውተር እንኳ የራሱ ቃል የሌለው ቋንቋ» ካለሽ፣ «ኮምፒውተሮቻችንን» በይው። ቃሉ የውሰት ነው። ብዙ መሆኑን፣ የእኛ መሆኑንና ተሳቢ መሆኑን የሚነግሩን ቅጥያዎች ግን ዕቃው ከመፈልሰፉ በፊትም በአማርኛ ውስጥ ነበሩ።

ሁለተኛው ጥቃት «ግሱ እርባታ የለውም፣ ስለዚህ ሰዋስው የለውም» የሚለው ነው። አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውጉስት ሽላይኸር የተባለው ጀርመናዊ ምሁር ቋንቋዎችን በደረጃ ሲያስቀምጥ፣ ቃላቸው ቅርጹን የማይለውጠውን እንደ ቻይንኛ ያሉትን ከታች፣ እንደ ላቲን ያሉትን ከላይ አደረገ። በነገራችን ላይ የራሱ ቋንቋ ከላይኞቹ ወገን ነበር። እስቲ ቻይንኛውን እንየው። «ዎ ዳ ታ» ማለት «እኔ እሱን እመታለሁ» ነው። «ታ ዳ ዎ» ካልሽ ተመቺዋ አንቺ ነሽ። ከቃላቱ አንዱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታቸው ነው። አማርኛ ግን «ልጁ ውሻውን መታ» ቢልም «ውሻውን ልጁ መታ» ቢልም ማን እንደተመታ አይጠፋም፤ «ን» ትይዘዋለች። እኛ በ«ን» የምንሠራውን ቻይንኛ በቅደም ተከተል ይሠራዋል። የላቲንን መነጽር ያደረገ ሰው ቅጥያ ሲያጣ ሕግ የጠፋ ይመስለዋል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ እንድትሰጪው የምመክርሽ ምሳሌ ቶክ ፒሲን ነው። ከፓፑዋ ኒው ጊኒ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን ብዙ ቃላቱ ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው። «የተሰባበረ እንግሊዝኛ» ሲባል ኖሯል። አሁን «እኛ» የሚለውን ቃላችንን አስቢ። አንዲት ጓደኛሽ «እኛ ነገ እንሄዳለን» ብትልሽ አንቺ አለሽበት? ከ«እኛ» ብቻ አይታወቅም። በቶክ ፒሲን ይታወቃል። «ዩሚ» ካለችሽ አለሽበት፣ «ሚፔላ» ካለችሽ የለሽበትም። ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ «ዩሚቱፔላ» አለ፤ እኔና አንቺ ማለት ነው። «ሚቱፔላ» ግን እኔና ሌላ አንድ ሰው ነው። ተሰባበረ የተባለው ቋንቋ እንግሊዝኛም አማርኛም ያልለዩትን ለየ። በተራው አማርኛ «አንተ»ና «አንቺ» ብሎ የሚለየውን ቶክ ፒሲን በአንድ «ዩ» ያልፈዋል። ሁለቱም ሲፈልጉ ቃል ጨምረው የቀረውን መናገር ይችላሉ። ልዩነቱ ሰዋስዉ የትኛውን ሳትናገሪ አያሳልፍሽም የሚለው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተከራካሪ በሞቅታ «ቋንቋዎች ሁሉ እኩል ውስብስብ ናቸው» ይላል። አንቺ አትበይው። ውስብስብነትን በምን እንደምንለካ ምሁራን አልተስማሙም። አንዳንዶቹም ክሪዮሎች፣ ማለትም እንደ ቶክ ፒሲን ከተራ መግባቢያነት ተነስተው አፍ መፍቻ የሆኑ ቋንቋዎች፣ በጥቅሉ ቀለል ይላሉ ብለው ይከራከራሉ። አንቺ ይህን ማስተባበል አይጠበቅብሽም። ቀላል ማለት ኋላቀር ማለት አይደለም። ጽሑፍሽ ውስጥ «እኩል» የሚል ቃል ካለ ሰርዢው።

ከተቃራኒሽ የምፈራው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ፒጂንስ?» ፒጂን ቋንቋቸው የማይገናኝ ሰዎች ለንግድ ወይም ለሥራ የሚፈጥሩት መግባቢያ ነው። ሰዋስዉ በእርግጥም ስስ ሊሆን ይችላል። ግን ማንም አፉን አልፈታበትም። ስለዚህ የንግግርሽን ርዕስ «አፍ የሚፈታበት ቋንቋ ሁሉ» ብለሽ ከወዲሁ አጥብቢው። ቶክ ፒሲንም የተነሳው ከፒጂን ነው። ያኔ ወደፊት የሚሆነውን ለመግለጽ ከእንግሊዝኛ የመጣ «ባይምባይ» የሚል ቃል ነበረው፣ «ኋላ ላይ» እንደማለት። ቃሉ አጥሮ «ባይ» ሆነ፤ ዛሬ የትንቢት ጊዜ ምልክት ነው። «ሚ ባይ ጎ» ማለት «እሄዳለሁ» ነው።