«ትርፉን መልስልኝ» የሚል ተከራይና ሌሎች የአከራዮች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የማከራየውን ቤት በኢንተርኔት አስተዋውቄ ነበር። ሌላ አገር ነው ያለሁት የሚል ሰው ቤቱን ሳያይ ወደደውና ቼክ ላከልኝ። ቼኩ ግን ከተስማማነው ይበልጣል። ትርፉን ዕቃውን ለሚያጓጉዙለት ሰዎች እንድልክ ይወተውተኛል። ቼኩን ባንክ አስገብቼ ገንዘቡ ሒሳቤ ላይ ታይቷል። ልላክለት?

አይላኩ። ሒሳብዎ ላይ የታየው ቁጥር ገና የእርስዎ ገንዘብ አይደለም። በብዙ አገር ባንኮች ቼክ ሲገባላቸው ደንበኛው እንዳይጉላላ ብለው ወይም ደንብ አስገድዷቸው ገንዘቡን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሒሳቡ ላይ ያሳያሉ፤ እንዲያወጣውም ይፈቅዱለታል። ያ ማለት ግን ቼኩ የተሳበበት ባንክ ከፍሏል ማለት አይደለም። ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ለመታወቅ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ተመላሽ በሆነ ጊዜ ባንክዎ ሙሉውን ከእርስዎ ሒሳብ ይቀንሳል፤ ቼኩን ያስገቡት እርስዎ ነዎትና።

በቁጥር እንየው። የወር ኪራዩ 1,000 ነው እንበል። የመጀመሪያው ወርና የአንድ ወር መያዣ ሲደመር 2,000 ይሆናል። ሰውየው የላከው ቼክ ግን 3,500 ይላል፤ ምክንያቱን ሲጠይቁት «የመሥሪያ ቤቴ ሒሳብ ሠራተኛ ተሳስቶ ነው» ይላል። ሰኞ ያስገቡት ቼክ ረቡዕ ሒሳብዎ ላይ ይታያል። ሐሙስ 1,500ውን «ለአጓጓዦቹ» ይልካሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቼኩ ተመላሽ ይሆንና ባንኩ 3,500ውን ይወስዳል። 2,000ው ድሮም አልነበረም፤ 1,500ው ግን ከራስዎ ኪስ የወጣ እውነተኛ ገንዘብ ነው። በዚህ ላይ ቤቱ ሁለት ሳምንት ለማይመጣ ሰው ተይዞ ቆይቷል።

አጓጓዥ የሚባሉት የአጭበርባሪው የራሱ ሒሳብ ናቸው፤ አለዚያም እንደ እርስዎ የተታለለ የሌላ ሰው ሒሳብ ነው። ጥድፊያውም ከዚሁ ይመጣል፤ ቼኩ ተመልሶ ከመምጣቱ በፊት የእርስዎ ገንዘብ መውጣት አለበት። «ቼኩን ባንክ ራሱ ያዘጋጀው ስለሆነ ያስተማምናል» ቢልዎም ልብዎ አይረፍ፤ በባንክ የተረጋገጠ የሚመስል ቼክም ይፈበረካል።

ባንክዎ ሄደው «ገንዘቡ ገብቷል?» ብለው ቢጠይቁ «አዎ» ይሉዎታል፤ ከስሕተት የሚጥለውም ይህ «አዎ» ነው። ጥያቄው «ቼኩን ያወጣው ባንክ ከፍሏል? ከእንግዲህ ተመላሽ ሊሆን አይችልም?» የሚል ይሁን። ያወጣውን ባንክ ራስዎ የሚደውሉለት ከሆነም ቼኩ ላይ በታተመው ስልክ ሳይሆን ፈልገው ባገኙት ቁጥር ይሁን፤ ቼኩን የፈበረከ ሰው የስልክ ቁጥሩንም ይፈበርካል። ለሰውየው ደግሞ «ትክክለኛውን መጠን የያዘ ሌላ ክፍያ ይላኩልኝ፤ ይህኛውን አልጠቀምበትም» ይበሉት። ሐቀኛ ከሆነ ትንሽ ቢያማርርም ይልካል። ሌላው ይቆጣል፣ ይለምናል፣ ወይም ድምፁን ያጠፋል። አስቀድመው ልከውለት ከሆነ ዛሬውኑ ለባንክዎ ደውለው ዝውውሩ እንዲታገድ ይጠይቁ፤ በሰዓታት ውስጥ ከሆነ አንዳንዴ ይደረስበታል። መልእክቶቹንና ቼኩ የመጣበትን ፖስታ ለፖሊስ ያቆዩ።

ጥያቄ፦ ቀብዱን አስተላልፌያለሁ ብሎ የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ላከልኝ። የባንክ የሚመስል የጽሑፍ መልእክትም ደርሶኛል። ሒሳቤ ላይ ግን የለም። «ኔትወርክ ነው፣ ዛሬ ዕቃዬን ላስገባ» ይላል።

የደረሰኝ ፎቶ ማረጋገጫ አይደለም፤ ቀኑንና መጠኑን በስልክ ላይ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። የጽሑፍ መልእክትም ላኪውን በባንክዎ ስም ማስመሰል ስለሚቻል፣ አንዳንዴ ከእውነተኛዎቹ የባንክ መልእክቶች ሥር ተሰልፎ ይገኛል። የባንክዎን መተግበሪያ ራስዎ ከፍተው ቀሪ ሒሳቡን ይዩ። ካልገባ፣ ቁልፍም የለም። «ሲገባ እደውልልዎታለሁ» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

መልእክቱ ውስጥ «ገንዘቡን ለመቀበል ይህን ሊንክ ይጫኑ» የሚል ካለ ደግሞ ነገሩ ከዚያ ይከፋል። ሊንኩ የባንክ ወይም የማስታወቂያ ድረ ገጽ የሚመስል ገጽ ይከፍትና የካርድ ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ቀንና ከጀርባው ያለውን የሦስት አሃዝ ቁጥር ይጠይቃል። ገንዘብ ወደ እርስዎ ለመላክ የሒሳብ ቁጥርና ስም ይበቃል። ያ የሦስት አሃዝ ቁጥር ከካርድዎ ላይ ለመክፈል እንጂ ለመቀበል አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ አንዲት ሴት ማስታወቂያውን አይታ ጻፈችልኝ። «ብዙ ሐሰተኛ አከራይ ስላለ እውነተኛ መሆንህን ላረጋግጥ፤ ወደ ስልክህ ኮድ ልኬያለሁ፣ ንገረኝ» አለችኝ። ኮዱ በርግጥ መጣ። ምን ይጎዳኛል?

ኮዱን የላከችው እሷ አይደለችም፤ የላከው የአንድ አገልግሎት ኮምፒውተር ነው። እሷ የእርስዎን ስልክ ቁጥር አስገብታ «ኮድ ላኩልኝ» የሚለውን ነው የተጫነችው። ቁጥሩን ከማስታወቂያዎ አገኘች፤ የጎደላት ኮዱ ብቻ ነው።

ኮዱ የመጣው ከዋትስአፕ ወይም ከቴሌግራም ከሆነ በእርስዎ መለያ ልትገባና ወዳጅ ዘመድዎን ገንዘብ ልትለምን ትችላለች። በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ ቁጥር ከሚሰጠው ከጉግል ቮይስ ከሆነ ደግሞ በእርስዎ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ሌላ ስልክ ቁጥር ታወጣበትና ሌሎችን ታጭበረብርበታለች፤ ክሩ ሲሳብ የሚገኘው የእርስዎ ስልክ ነው። መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ የአገልግሎቱ ስምና «ለማንም አይስጡ» የሚል ቃል አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተጽፏል።

ሰጥተዋት ከሆነ በዋትስአፕ ወዲያው በራስዎ ቁጥር እንደገና ይመዝገቡ፤ እሷ ትወጣለች። በቴሌግራም Settings ውስጥ Devices የሚለውን ከፍተው የማያውቁትን ስልክ ያስወጡ። ከዚያ በሁለቱም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ያብሩ፤ ያ ካለ ኮዱ ብቻውን በር አይከፍትም።

ጥያቄ፦ በአንድ ሳምንት ሦስት ሰዎች በሬን አንኳኩተው «ቀብድ ከፍለንበታል፣ ቁልፍ ልንቀበል ነው» አሉኝ። አንዳቸውንም አላውቅም።

ማስታወቂያዎ ተሰርቋል። አንድ ሰው ፎቶዎቹንና ጽሑፉን ወስዶ በራሱ ስልክ ቁጥር፣ ከእርስዎ ባነሰ ዋጋ ሌላ ቦታ ለጥፎታል። ዋጋውን የሚቀንሰው ሰዎቹ «ሳያመልጠኝ» ብለው ሳያዩ እንዲከፍሉ ነው።

የመጡት ሰዎች ተበዳዮች ናቸው፤ በር ላይ አይጣሏቸው። ማስታወቂያውን ያዩበትን ሊንክ፣ የደወሉበትን ቁጥርና ገንዘብ ያስገቡበትን ሒሳብ ይጠይቋቸው፤ ገጹንም ከነቀኑ ስክሪንሾት ያንሱ። ለባንካቸው አሁኑኑ እንዲደውሉ ይንገሯቸው። ሐሰተኛውን ማስታወቂያ ለድረ ገጹ ሲያመለክቱ የራስዎን ሊንክና የወጣበትን ቀን አብረው ይላኩ፤ ቀድሞ የወጣው የማን እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። ቤቱ ባዶ ከሆነ በሩ ላይ «ይህ ቤት የሚከራየው በዚህ ቁጥር ብቻ ነው» የሚል ወረቀት መለጠፍ ቀላል ይመስላል፤ ግን አራተኛውን ሰው ያድናል።

ለወደፊቱ ስልክ ቁጥርዎን ፎቶዎቹ ላይ ይጻፉ፤ ጥግ ላይ ከሆነ ግን ተቆርጦ ይጣላልና መሐል ላይ፣ ደብዘዝ አድርገው። የቤት ቁጥር፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ደብዳቤ፣ በተለይ ደግሞ ቁልፍ በፎቶው ውስጥ አይግባ፤ ጥርሱ በግልጽ ከሚታይ የቁልፍ ፎቶ ቅጂ መቅረጽ ይቻላል። በሳምንት አንዴ የአንዱን ክፍል ፎቶ በምስል መፈለጊያ ይፈልጉ። ቤቱን እንዳከራዩም ማስታወቂያውን ያውርዱ፤ የተረሳ ማስታወቂያ ለሌባ የተዘጋጀ ማዕድ ነው።

ጥያቄ፦ አንዱ ጠያቂ የመታወቂያዬንና የባለቤትነት ሰነዴን ፎቶ «ላምንህ» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ልክ ይመስለኛል፤ ግን ፈራሁ።

ፍርሃትዎም ጥያቄውም ልክ ናቸው። ተከራዩ ባለቤቱን ማወቅ አለበት፤ ሰነዱ ግን በስልክ ከተላከ በኋላ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም፤ ከላይ ያለው ዓይነት ሌባም «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ለማለት የሚያሳየው ይህን ነው። ቤቱን ሊያይ ሲመጣ፣ ወይም ውል ሲፈረም፣ ዋናውን ያሳዩት። ቅጂ መላክ ግድ ከሆነ የሰነድ ቁጥሮቹን ሸፍነው፣ የተቀባዩን ስም፣ ቀኑንና «ለኪራይ ማሳያ ብቻ» የሚለውን በጽሑፉ ላይ አቋርጠው ይጻፉበት።

ጥያቄ፦ እያንዳንዱን ጠያቂ ስጠራጠር ጥሩ ተከራይ እንዳይሸሸኝ እሰጋለሁ። የመጀመሪያው መልሴ ምን ይሁን?

አጭርና ለሁሉም አንድ ዓይነት። «ሰላም፣ ቤቱ አልተያዘም። መቼ ለመግባት አስበዋል? ስንት ሰው ነው የሚኖርበት? ቅዳሜ ወይም እሑድ በቀን መጥተው ማየት ይችላሉ?» ይበቃል። የእርስዎን ፕሮግራም፣ ቤቱ ባዶ መሆኑንና ትክክለኛውን የቤት ቁጥር ቀጠሮ እስኪያዝ ያቆዩት።

የሚፈትሹት መልሱን ነው። የአጭበርባሪ መልእክት ለመቶ ሰው የተላከ ስለሆነ የጠየቁትን አይመልስም፤ ቤቱን «ንብረቱ» ወይም «ዕቃው» እያለ ስለ ሥራውና ስለ ቤተሰቡ ረጅም ታሪክ ያወጋና ቶሎ ወደ ክፍያ ይገባል። የተሰባበረ ሰዋስው ግን ምልክት አይደለም፤ ብዙ ሐቀኛ ሰው በስልክ ሲጽፍ ይሳሳታል። ሩቅ መሆንም ብቻውን ወንጀል አይደለም። ሩቅ ላለው ሰው ቤቱን በቀጥታ ቪዲዮ እያሳዩት ፊቱን እንዲያሳይ ይጠይቁት፤ ወይም ወዳጁ መጥቶ ይይለት። ካሜራው ሁሌም የተበላሸበት፣ የሚልከው ሰውም የሌለው፣ ገንዘብ ለመክፈል ግን የሚጣደፍ ከሆነ መልስ መጻፍዎን ያቁሙ። ሊያይ ለመጣው ደግሞ ብቻዎን ሆነው በር አይክፈቱ፤ አንድ ሰው አብሮዎት ይሁን። ቁልፉም ውሉ ተፈርሞ፣ ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ እስኪያልቅ ከእጅዎ አይውጣ።