የስፖንጅ ወይስ የወረቀት አየር ማጣሪያ?

«ሞተር ሳይክሌን በአብዛኛው የምነዳው አቧራማ በሆነ ጥርጊያ መንገድ ላይ ነው። የስፖንጅ አየር ማጣሪያ ይሻላል ወይስ የወረቀት? በየስንት ጊዜውስ ላጽዳው? አቧራ ሞተር ይገድላል የሚባለው እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ በየጊዜው አጥበህ ዘይት ለመቀባት ትዕግሥቱ ካለህ ለእንዲህ ያለ መንገድ ስፖንጅ እመርጥልሃለሁ። ትዕግሥቱ ከሌለህ ወረቀት ይሻልሃል፤ ዘይት ያልተቀባ ስፖንጅ ከሁለቱም የከፋ ነውና። የስፖንጅ ቀዳዳዎች ለደቃቅ አቧራ እጅግ ሰፊ ናቸው። አቧራውን የሚይዘው በውስጡ የተሰራጨው የሚያጣብቅ ዘይት ነው። ደረቅ ከሆነ ጠጠርና ቅጠል ያግዳል እንጂ እንደ ዱቄት የላመውን አቧራ ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ሞተር የሚበላው ደግሞ ይኸው የላመው ነው። በውስጡ ያለው የአሸዋ ብናኝ ጠንካራ በመሆኑ በፒስተን ቀለበቶችና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ገብቶ ሁለቱንም ይሞርዳቸዋል።

ሰማያዊ ጭስ የሚያጨስና አቅም ያነሰው አንድ ሞተር ሳይክል ለጥገና መጥቶልኝ ነበር። ባለቤቱ ማጣሪያውን አዘውትሮ እንደሚያጥብ ነገረኝ፤ እውነቱንም ነበር፣ ስፖንጁ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ደረቅ ነበር። ከማጣሪያው ወደ ካርቡራተሩ የሚወስደውን ጎማ ፈትቼ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ስጠርገው ጨርቁ ቡናማ ሆነ። ከዚያ ካንዴላውን አውጥቼ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ኮምፕሬሽኑን ለካሁ፤ 6 ባር አካባቢ ነበር። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሬ ደግሜ ስለካው ወደ 9 ከፍ አለ። ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ስለሞላው ነው ከፍ ያለው፤ ስለዚህ ጥፋቱ በቫልቮቹ ሳይሆን በቀለበቶቹና በሲሊንደሩ ላይ መሆኑ ታወቀ። ሲፈታም የሲሊንደሩ የላይኛው ክፍል በጣም ተበልቶ ተገኘ። ይህን ሁሉ ያመጣው ከታጠበ በኋላ ያልተቀባ ዘይት ነው።

ስፖንጅ በቤንዚን አይታጠብም። እሳት የማስነሣቱ አደጋ ሳይነሣ፣ ስፖንጁንና የተጣበቀበትን ሙጫ ያበላሻል። መጀመሪያ በነጭ ጋዝ አሮጌውን ዘይት አስለቅቅ፣ ቀጥሎ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ እጠበው። እየጨመቅህ እንጂ እየጠመዘዝህ አይሁን፤ መጠምዘዝ ይቀደዋል። ጥላ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ለስፖንጅ ማጣሪያ የተሠራውን ዘይት ቀብተህ፣ ቀለሙ በሁሉም ቦታ እኩል እስኪሆን እሸውና ትርፉን ጨምቀህ አውጣ። የሞተር ዘይት ለጊዜው ይሠራል፣ ግን ቀጭን ስለሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ታች ይወርድና ላይኛውን ክፍል ደረቅ ያደርገዋል።

የወረቀቱ ጠባይ ፈጽሞ የተለየ ነው። በላዩ የተጠራቀመው ስስ የአቧራ ሽፋን ራሱ ማጣራቱን ያግዛል፤ ስለዚህ በየቀኑ እያወጡ ማራገፍ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፣ በተፈታ ቁጥርም አቧራ ወደ ንጹሑ ወገን የመውደቅ ዕድል አለው። መጽዳት ካለበት ቀስ ብለህ አራግፈው፣ ወይም ከ2 ባር ባልበለጠ አየር ራቅ አድርገህ ከውስጥ ወደ ውጭ ንፋው። ጠንካራ አየር ወረቀቱን በዓይን በማይታይ መጠን ይበሳዋል። ከጽዳት በኋላ ጨለማ ቦታ ላይ በውስጡ መብራት አስገብተህ ተመልከት፤ አንዲት የብርሃን ነጥብ እንኳ ካየህ ጣለው። በውኃ ወይም በዘይት የራሰ ወረቀትም ይቀየራል እንጂ አይታጠብም።

ጊዜውን በኪሎ ሜትር ብቻ መወሰን አይቻልም። ከሌላ መኪና ጀርባ የአቧራ ደመና ውስጥ ከነዳህ ስፖንጁን በዚያው ቀን ማየት አለብህ፤ ብቻህን በእርጥብ መንገድ ከነዳህ ግን ሳምንትም ሊቆይ ይችላል። ውጪው ሁሉ በአቧራ ተሸፍኖ የዘይቱ ቀለም ከጠፋ የመታጠቢያው ጊዜ ደርሷል። እኔ የምመክረው ሁለት ስፖንጅ መያዝ ነው፤ አንዱ ሲታጠብና ሲደርቅ ሌላው ተቀብቶ ይጠብቃል።

ማጣሪያውን ስትመልስ ጠርዙ ከሳጥኑ ጋር ዙሪያውን መገጠሙን በጣትህ ዳስሰህ አረጋግጥ፤ የስፖንጁን ጠርዝ ስስ ግራሶ ቀባው። ከማጣሪያው በኋላ ያለው ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ማሰሪያው ከላላ የማጣሪያው ዓይነት ምንም ለውጥ አያመጣም፣ አየሩ ሳይጣራ ይገባልና። በነጭ ጨርቅ የጠረግሁትን ያንን ጎማ አንተም ዛሬውኑ ፈትተህ ጥረግ። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ያለህን ማጣሪያ አትቀይር። አቧራ ካገኘህበት ግን ሞተሩን ከማስነሣትህ በፊት መግቢያውን ፈልግ፤ ጭስ ከጀመረም ይህ ሳይደፈን አዲስ ቀለበት አትግጠም።