ማሩ ምን ዶላር አለው?

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ ላይ የተቆላ ቡና እያሸግሁ ለሆቴሎችና ለመሥሪያ ቤቶች አቀርባለሁ። ዋጋ ልጨምር ነው፤ በኢሜይል ላሳውቃቸው ብዬ ቃሉ ጠፋኝ። ምክንያቱን ልዘርዝር ወይስ አዲሱን ዋጋ ብቻ ልላክ?»

እህቴ፣ እኔ ባሕር ዳር ማር አሽጌ እሸጣለሁ፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ አበላሽቼዋለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ሁሉም እንደሚለው «በዶላር መናር ምክንያት የዋጋ ማስተካከያ አድርገናል» ብዬ ላክሁ። የአንድ ሆቴል ግዥ ሠራተኛ የመለሰችልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ማሩ ከደጋ ዳሞት ነው አላልኸንም? ማሩ ምን ዶላር አለው?»

እውነቷን ነው። ዶላሩ የነካው ብልቃጡንና ክዳኑን ነበር። ቁጭ ብዬ ሳሰላው የአንድ ኪሎ ማር መግዣ ከ380 ወደ 430 ብር፣ ብልቃጡ ከነክዳኑ ከ45 ወደ 75፣ ማጓጓዣና ጉልበቱ ከ75 ወደ 85 ሄዷል። ድምሩ 500 የነበረው 590 ሆነ። ስለዚህ 600 የምሸጠውን 690 አደረግሁና እንዲህ ብዬ እንደገና ጻፍሁ፦

«ከመስከረም 20 ጀምሮ የአንድ ኪሎ ማር ዋጋ ከ600 ወደ 690 ብር ይጨምራል። እስከ 19 ድረስ ያዘዛችሁ በድሮው ዋጋ ትወስዳላችሁ። ከ90 ብሩ 50ው የማሩ፣ 30ው የብልቃጡ፣ 10ሩ የማጓጓዣና የጉልበት ነው፤ የእኛ ትርፍ እንደነበረ 100 ብር ነው። ባለፈው ደብዳቤ ሁሉንም ከዶላር ጋር ማያያዜ ስሕተት ነበር። ባዶ ብልቃጥ ለሚመልስ 40 ብር እንቀንሳለን። ኅዳር ላይ አዲሱ ማር ሲገባ ዋጋውን እንደገና አይተን እንጽፍላችኋለን።»

«ማስተካከያ» የሚለውን ቃል ተዪው፤ ሰው ጭማሪ መሆኑን ያውቃል፣ የደበቅሽው ይመስለዋል። አዲሱና የድሮው ዋጋ ከነቀኑ ገና በመጀመሪያው መስመር ይውጣ። ምክንያቱን ዘርዝሪ፣ ግን ደረሰኝ ይዘው ቢመጡ የምታሳዪውን ብቻ። ትርፍሽንም የምትጨምሪ ከሆነ «ለራሳችንም 20 ብር ጨምረናል» በይ፤ ከዶላር ጀርባ ከመደበቅ ይሻላል። ትርፍን መግለጥ ሁሉም አይወደውም፤ እኔ ያደረግሁት እምነት ስላጎደልሁ ነው፤ አንቺ ላያስፈልግሽ ይችላል።

መሥሪያ ቤቶች ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ፕሮፎርማ ሰጥተሽ ጊዜው ካላለፈ በዚያው ዋጋ አስረክቢ፤ ግዥው በዚያ ቁጥር ጸድቋል፣ መሃል ላይ ብትቀይሪው ሠራተኛው ነው የሚጠየቀው። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር አይጨምር ጻፊ፤ 15 በመቶው በኋላ ሲመጣ ሁለተኛ ጭማሪ ይመስላል።

ስትልኪ ደግሞ አድራሻዎቹን Bcc ላይ አድርጊ። እኔ To ላይ ደርድሬ አንዱ ለሁሉም መለሰና «እኔ በ580 ነበር የምወስደው» አለ። ያን ሳምንት ስልኬ አላረፈም።

ሁለት ደንበኞች ሄዱ። ኅዳር ላይ ማሩ ረከስ ሲል 20 ብር ቀንሼ ጻፍሁ፤ አንደኛው ተመለሰ።