ማስጠንቀቂያው ስንት ላይ ይሁን?

"ጋሼ፣ ስንት ልሙላ?" ያለችኝ ደሴ ውስጥ ገና ሥራ የጀመረች ፋርማሲስት ናት። የስቶሩ ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ መድኃኒት ክምችቱ ስንት ሲደርስ ልጩኽ ብሎ የማስጠንቀቂያ መጠን ይጠይቃታል። "የሁለት ወር" ብላት በቀላሉ እገላገል ነበር፤ አሠራሩ ዝቅተኛ ክምችት የሚለው እሱን ነውና። ግን ጥያቄዋ አንድ ሰው አስታወሰኝ። ለእሷ የጻፍኩትን እናንተም አንብቡት።

ሰውየው በቆላው ወሎ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ዳር አብረን የሠራን የስቶር ኃላፊ ነው። ቢን ካርድ ሲሞላ ቁጥሩ እንደ ቁም ጽሕፈት ያምራል። መደርደሪያውን እየዞረ ካርቶኑን በጣቱ ቆርቆር ያደርግና ሙሉ ይሁን ጎደሎ በድምፁ ይለያል። ክረምት ላይ አይጥ ግሉኮስ በስታ ወለሉ ሲጣበቅ ማንንም ሳይጠራ ራሱ ያጥብ ነበር።

ኮምፒውተር ሲገባ የሁሉም መድኃኒት ማስጠንቀቂያ የሁለት ወር ፍጆታ ላይ ተሞላ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሲከፍተው ገጹ ቀይ በቀይ ነው። መጀመሪያ ላይ እየደነገጠ መደርደሪያው ድረስ ሄዶ ይቆጥር ነበር፤ ሲቆጥር መድኃኒቱ አለ። "ኧረ ይሄ ነገር ዝም ብሎ ነው የሚጮኸው" ማለት ጀመረ። በኋላም ሳያነበው ይዘጋዋል። እናንተ የስልክ ማሳወቂያ ሳታዩ በአውራ ጣት መጥረግ ስለለመዳችሁ ልወቅሳችሁ ነበር፤ ለካ እሱም ያለ ስማርት ስልክ ያንኑ ነው ያደረገው። ወቀሳዬን አንስቻለሁ።

ጥቅምት ላይ ኮአርተም አለቀ። ወባ በሚበረታበት ወር፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ከመስኮቱ ወደ ግል ፋርማሲ ተላኩ። ኮምፒውተሩ ሲታይ ኮአርተም ቀይ ነው፤ ግን በአንድ ገጽ ከማያልቁ ቀይ መስመሮች መሃል። "ማስጠንቀቂያ እያለህ ችላ ብለሃል" ተብሎ በጽሑፍ ተገሠጸ። ዝውውር ጠይቆ ሄደ። ስሌቱ የገባኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ ሲሞሉ ክምችታቸውን እስከ አራት ወር ፍጆታ ድረስ እንዲሞላላቸው ይጠይቃሉ። ሴፍትሪያክሶን በወር 900 ቫያል የሚወጣ ቢሆን ጣሪያው 3600 ነው። ሁለት ወር ሲሞላ 1800 ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ልክ የሁለት ወር ፍጆታ ነው። የተጠየቀው እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ቢፈጅ ወደ 1170 ይወርዳል። ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ አሠራሩ ራሱ እንዲወርድ ነው የተሠራው። ማስጠንቀቂያውን 1800 ላይ ያደረገ ሰው መጠየቂያ በሚሞላ ቁጥር ጤነኛውን መድኃኒት ሁሉ ያስጮኻል፤ የእውነት የታመመው በመሃል ይጠፋል።

ጩኸቱ የሚያስፈልገው መደበኛውን ሪፖርት ሳትጠብቁ የምትጠይቁበት የአስቸኳይ ጥያቄ ነጥብ ላይ ነው፤ የግማሽ ወር ፍጆታ፣ እዚህ 450 ቫያል። እሱንም ቢሆን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትሙሉ። ያለፉ አስቸኳይ ጥያቄዎቻችሁን ቅጂ አውጡና ከተጠየቀበት ቀን አንስቶ ቢን ካርዱ ላይ ገቢ እስከሆነበት ድረስ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ 20 ቀን የሚፈጅ ከሆነ በቀን 30 ቫያል ሲባዛ 600 ነው፤ በ450 ላይ የጮኸ ማስጠንቀቂያ አምስት ቀን ዘግይቷል።

ኮአርተምን ግን ይህም አያድነውም ነበር። አማካዩ የተወሰደው ከሐምሌና ነሐሴ ነው። በእነዚያ ወራት በወር 120 ሰው ብቻ ቢታከምበት የግማሽ ወሩ 60 ይሆናል፤ ጥቅምት ላይ በቀን 20 ሰው ሲመጣ ያ የሦስት ቀን ነው። ስለዚህ ለወባ መድኃኒት ነሐሴ ሳያልቅ ያለፈውን ዓመት የመስከረምና የጥቅምት ወጪ አይታችሁ መጠኑን ቀይሩ፤ ጥር ላይ መልሱት። መልሱት ያልኩትን የሚረሳው ብዙ ነው፤ የማይመለስ ከሆነ በጋውን ሙሉ ያለ ምክንያት ይጮኻል።

ያለፈው ዓመት ቁጥርም ያታልላል። በጥቅምት 300 ወጣ ይላል ካርዱ፤ ግን ቀሪው ዜሮ የሆነባቸው አሥር ቀናት አሉበት። 300ን ለ20 ስታካፍሉት በቀን 15 ነው፤ የወሩ እውነተኛ ፍላጎት 450 ነበር ማለት ነው። ይህን የማያይ ሰው አንዴ ያለቀበትን መድኃኒት በሚቀጥለው ዓመትም ያስጨርሳል።

በወር ሁለት ሦስት ብቻ የሚወጣ መድኃኒት ሲገጥማችሁ አማካዩን ተዉት። የግማሽ ወሩ አንድ ተኩል ይላችኋል፤ አንድ ታካሚ ግን በአንድ ቀን አራት ሊፈልግ ይችላል። ለእሱ አንድ ሰው ሙሉ ሕክምናውን የሚጨርስበትን ያህል ሙሉ፤ ለስንት ሰው የሚለውን ሐኪሞቹን ጠይቁ።