መልስ፦ የኤልሳቤጥ ጋሬት አንደርሰን አባት ሥራ

«እንግሊዛዊቷ ሐኪም ኤልሳቤጥ ጋሬት አንደርሰን ስትወለድ ከየትኛው መደብ እንደነበረች ለማወቅ የአባቷን ሥራ እየፈለግኩ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቷን ግን ላገኘው አልቻልኩም።»

የምስክር ወረቀቱን ፍለጋ ተወው፤ የለም። የተወለደችው በሰኔ 1836 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን መንግሥት በእንግሊዝ ልደት መመዝገብ የጀመረው በሐምሌ 1837 ነው።

በምትኩ የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ፈልግ። ከ1813 ጀምሮ የታተመው ቅጽ ለአባት ሥራ የራሱ ዓምድ አለው። በአባቷ ስም፣ በኒውሰን ጋሬት፣ ለንደን ውስጥ ዋይትቻፔል አካባቢ ጀምር። ጥምቀት አንዳንዴ ስለሚዘገይ 1836ን ብቻ አይተህ አታቁም፤ የታላቅ እህቷንም መዝገብ አብረህ አስተያይ።

ያኔ አባቷ ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ የሚያበድር ሱቅ ያስተዳድር ነበር። ስለዚህ በልደቷ ጊዜ ቤተሰቡ የባለሱቅ ቤተሰብ ነው፤ የቀን ሠራተኛም አይደለም፣ ባለጠጋም አይደለም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። በ1871 የተጻፈው የጋብቻ መዝገቧም የአባት ሥራ ዓምድ አለው፤ ቶሎ የሚገኘውም እሱ ስለሆነ ብዙ ሰው ከዚያ ይገለብጣል። ዓምዱ የሚናገረው ግን ስለ ሠርጉ ዘመን ነው። ኒውሰን በ1841 ወደ ትውልድ አውራጃው ወደ ሰፎክ ተመልሶ በእህልና በድንጋይ ከሰል ንግድ፣ ኋላም በብቅል ፋብሪካ ሀብታም ሆኗል። በ1847 የተወለደችው እህቷ ሚሊሰንት ፎሴት ከእነዚያው ወላጆች ብትወለድም መነሻዋ ሌላ ነው።