ቁጥሩ ከሌላቸው በምን ከፈልኩ?

«ሱቁ የካርድ ቁጥሬን አላስቀምጥም ይላል። ታዲያ ሁለተኛ ስገዛ ምንም ሳልጽፍ በአንድ ክሊክ እንዴት ብሩ ተቆረጠ? እየዋሹኝ ነው?»

አይ፣ አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን የጻፍክበት ሳጥን የሱቁ ገጽ ላይ ይታያል እንጂ የሱቁ አይደለም። ከክፍያ አቀናባሪው ድርጅት ሰርቨር የሚመጣ ትንሽ መስኮት ነው። ቁጥሩ በሱቁ ሰርቨር ሳያልፍ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል። አቀናባሪው ቆልፎ ያስቀምጠውና ለሱቁ በምትኩ ቶከን የሚባል፣ ቁጥሩን የሚወክል የፊደልና የአሃዝ ኮድ ይሰጠዋል፦

```
tok_8fK2xQ71
•••• 4242   08/28
```

ሱቁ ጋ ያለው ይኸው ነው። የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች አንተ ካርድህን እንድትለየው ብቻ ናቸው። «ክፈል» ስትል ሱቁ ቶከኑን፣ የገንዘቡን መጠንና እንደ ይለፍ ቃል ማንነቱን የሚያረጋግጥበትን የራሱን ሚስጥራዊ ቁልፍ ለአቀናባሪው ይልካል። አቀናባሪው ቶከኑን በእውነተኛው ቁጥር ተክቶ ክፍያውን ወደ ባንክህ ያስተላልፋል።

ሌባ የሱቁን ዳታቤዝ ቢዘርፍ ቶከኑ ብቻውን አይጠቅመውም። ያለዚያ ሱቅ ቁልፍ አይሠራም፣ ሌላ ሱቅ ውስጥም ዋጋ የለውም።

ከካርዱ ጀርባ ያለውን ባለ 3 አሃዝ ኮድ ደግሞ ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ሱቁም አቀናባሪውም እንዳያስቀምጡት የካርድ ኢንዱስትሪው ደንብ ይከለክላል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሱቆች እሱን ብቻ ደግመው የሚጠይቁህ።

አንድ ቀዳዳ ግን አለ። አጭበርባሪ የሱቁን ገጽ ሰብሮ የውሸት ሳጥን ከተከለ፣ ቁጥሩን ገና ስትጽፈው ይወስደዋል። ያኔ ቶከን አያድንህም።