ሀበሻ ቀሚስ በኦንላይን ሸጣችሁ «ያሳየሽኝ ይሄን አይደለም» እንዳትባሉ፦ ጥያቄና መልስ

ከሽሮ ሜዳ እየተረከብኩ ውጭ ላሉ ደንበኞች ቀሚስ እልካለሁ። ስለ ፎቶና ስለ መግለጫ የምታነሱትን ሁሉ ዛሬ ማታ እመልሳለሁ።

ከሐዋሳ፦ «ኤም፣ ኤል ብዬ ነው የምጽፈው። ሁሌ ጠበበኝ ይሉኛል።»

እህቴ፣ የአንዷ ልብስ ሰፊ ኤም ለሌላዋ ኤስ ነው። ግን በሴንቲሜትር መጻፍም ብቻውን አያድንም። እኔ አንድ ቀሚስ ላይ «ደረት 96» ብዬ ጻፍኩ። ዳላስ ያለችው ደንበኛዬ ደረቷን ብትለካ ልክ 96፤ ደስ ብሏት አዘዘች። ቀሚሱ ሲደርስ ዚፑ አልዘጋ አላት። እኔ የለካሁት ቀሚሱን ዘርግቼ ከብብት እስከ ብብት 48 ሲሆን እጥፉን ነው፤ እሷ የለካችው ገላዋን ነው። ሁለታችንም አልተሳሳትንም፤ ግን ሸማ አይለጠጥም፣ ለመተንፈሻና ለመቀመጫ ቢያንስ ስድስት ሳንቲም ትርፍ ይፈልጋል። መልሳ እንዳትልከው የፖስታው ዋጋ ከባድ ሆነ፤ ገንዘቧን ግማሹን መለስኩላት፣ እዚያው ሰፊ ዘንድ የጎን ስፌቱን አስለቀቀችው።

አሁን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ይህ የቀሚሱ ልክ እንጂ የገላ ልክ አይደለም። ዚፑ ተዘግቶ ከብብት እስከ ብብት 48 ሳ.ሜ። የደረትሽ ዙሪያ ከ90 ካለፈ ይጠብሻል። በየጎኑ 2 ሳ.ሜ የሚለቀቅ ስፌት አለው።» ሜትሩ ቀሚሱ ላይ ተዘርግቶ ቁጥሩ የሚነበብበት ፎቶም አለ። ወገቡንና ከትከሻ እስከ ጫፍ ያለውንም እንዲሁ። የምትጠራጠር ካለች የሚስማማትን ቀሚስ ዘርግታ እንድትለካልኝ እጠይቃታለሁ፤ ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው።

ከባሕር ዳር፦ «ነጭ ብዬ የላክሁትን ክሬም ነው ይሉኛል። ስልኬ ነው ችግሩ?»

ብርሃኑ ይመስለኛል። ማታ በአምፖል ሲነሳ ሸማው ቢጫ ይመስላል፣ ስልኩ ደግሞ ላስተካክል ብሎ ከልክ በላይ ያነጣዋል። ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታበት ቦታ፣ አምፖሉን አጥፍተህ አንሳ። ከቀሚሱ ጎን ነጭ ወረቀት አስቀምጥ፤ ፎቶው ላይ ወረቀቱ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ ቀሚሱም ተሳስቷል ማለት ነው፣ ድገመው። ቀለሙን በቃልም ጻፈው፦ «ነጭነቱ እንደ ጥጥ እንጂ እንደ ወረቀት አይደለም» ስል ማንም ግር ብሎት አያውቅም።

ከአዳማ፦ «ይሄን ሁሉ ከመድከም 'የተሸጠ ዕቃ አይመለስም' ብሎ መጻፍ ነው። እኔ እንደዛ ነው የማደርገው።»

ሐሳቤን ቀየርኩ ለሚል ገዢ ይረዳህ ይሆናል። በፔይፓል የከፈለ ሰው ግን እንደተገለጸው አይደለም ብሎ እስከ 180 ቀን ክርክር መክፈት ይችላል፣ ያ ጽሑፍህ አያስቆመውም። የሚታየው መግለጫህና የደረሰው ዕቃ መመሳሰላቸው ነው። ስለዚህ የዚያኑ ቀሚስ ፎቶ ከማሸግህ በፊት አንስተህ አስቀምጥ፤ የሌላ ቀሚስ ፎቶ ለሁሉም አትጠቀም።

ከጅዳ፦ «እኔ እንኳን ሻጭ አይደለሁም። ለፋሲካ ያዘዝኩት ያለ ነጠላውና ያለ መቀነቱ መጣልኝ። ፎቶው ላይ ሞዴሏ ለብሳው ነበርኮ!»

እውነትሽን ነው፣ እህቴ። ሻጮች ይሄን ስሙ፦ ፎቶው ላይ ያለ ነገር ሁሉ አብሮ ይመጣል ብሎ ገዢው ያስባል፣ ማሰቡም ተገቢ ነው። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ፌስታሉ ውስጥ የሚገባው ብቻ ይታይ። ሞዴሏ ጌጥ ካደረገች «ጌጡ አይካተትም» የሚለው ከዋጋው ሥር ይጻፍ እንጂ መጨረሻ ላይ አይደበቅ።

ከጎንደር፦ «'ሙሉ በሙሉ በእጅ የተፈተለ' ብል ያስጠይቀኛል?»

ሸማኔውን ጠይቂው። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ በእጅ የተፈተለው ማጉ ነው። እንደዚያው ጻፊው። መጋጠሚያውንም አሳዪ፤ ሸማ ከእጅ መሸመኛ ጠባብ ሆኖ ስለሚወጣ ይጋጠማል፣ የማያውቅ ገዢ ግን «ተቀዶ የተሰፋ ነው የላክሽልኝ» ይላል።

ከአዋሬ፦ «ጥበቡ ቀለም እንደማይለቅ እንዴት አውቃለሁ?»

በረጠበ ነጭ ጨርቅ የጥበቡን ጀርባ እሺው፣ በተለይ ቀዩንና ጥቁሩን። ከለቀቀ ጻፊው። ካልለቀቀም «በቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው በእጅ ይታጠብ» በይ እንጂ «አይለቅም» ብለሽ ቃል አትግቢ፤ ማሽን ውስጥ ሲገባ ሌላ ነው።

ከሐዋሳ፦ «ጨውና ኮምጣጤ ውስጥ ከተነከረ በቃ ይይዛል፣ እናቴ እንደዛ ነው የምታደርገው።»

እኔም ሞክሬዋለሁ፤ አንዱ ያዘ፣ አንዱ ነጩን ሮዝ አደረገው። የክሩ ቀለም ይሁን የእኔ አነካከር አልለየሁም። ከቀለም ነካሪዎች መሃል እዚህ ያላችሁ ካላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።